ክሬኑ ከማንሣቱ በፊት

ፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ የኮንክሪት ግድግዳ ስንት እንደሚመዝን ለማወቅ ሜትርና ካልኩሌተር ይበቃሉ። 6 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ቁመትና 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ይዘቱ 2.7 ሜትር ኪዩብ ነው። 2 ሜትር በ1.5 ሜትር የሆነው የመስኮት ክፍት ቦታ 0.45 ሜትር ኪዩብ ስለሚሆን፣ ሲቀነስ 2.25 ይቀራል። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት በሜትር ኪዩብ 2,500 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ግድግዳው 5,625 ኪሎ ግራም ይሆናል።

ስሌቱን በቀላሉ የሚያዛባው ውፍረቱ ነው። ግድግዳው በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢወፍር 750 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ስለዚህ ውፍረቱን ከፕላኑ ላይ ከማንበብ ይልቅ ግድግዳውን ራሱን በተለያዩ ጠርዞች መለካት ይሻላል።

ክሬኑ የሚሸከመው ግድግዳውን ብቻ አይደለም። መንጠቆውና ሰንሰለቱ 400 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው ጭነት ከ6 ቶን ያልፋል። «ባለ 25 ቶን» የሚባለው ክሬንም ያን ያህል የሚያነሣው ጭነቱ ሲቀርበው ነው፤ ሲርቅ አቅሙ በእጅጉ ይወርዳል። ድምሩ መነጻጸር ያለበት በክሬኑ የጭነት ሰንጠረዥ ላይ ለዚያ ርቀትና ለዚያ የክንድ ርዝመት ከተጻፈው ቁጥር ጋር ነው። ግድግዳው ገና ከፎርምወርኩ የሚላቀቅ ከሆነም መጣበቁ ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል።

ድምሩ ገደቡን ከተጠጋ ክሬኑን ያስጠጉ፤ ካልሆነ አቅም ያለው ሌላ ክሬን ያስመጡ።