ማኪያቶው ውስጥ ምን አለ?

የአንድ ብርጭቆ ማኪያቶ ካሎሪ ሲሰላ ቡናውን መርሳት ይቻላል፤ ብቻውን ከሁለት ሦስት ካሎሪ አያልፍም። በሻይ ቢተካም ያው ነው። ሒሳቡ ያለው ወተቱና ስኳሩ ላይ ነው።

ስቡ ያልወጣለት የላም ወተት 100 ሚሊ ሊትር ገባበት እንበል። በውስጡ 3 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ከ3 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ስብ እና 5 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም የወተቱ የራሱ ስኳር ይገኛል። አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስኳር 4 ካሎሪ ሲሰጥ አንድ ግራም ስብ 9 ይሰጣል። ስለዚህ ከወተቱ 60 ካሎሪ ገደማ ይገኛል፤ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስቡ ነው።

አረፋው ግን ያታልላል። ብርጭቆው ጢም ብሎ ቢታይም ከላይ ያለው አብዛኛው አየር ነው፤ ወተቱን መለካት ያለብን በእንፋሎት ሳይመታ በፊት ነው።

ስኳሩስ? እስከ ጠርዙ ብቻ የሞላ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ይይዛል፤ ሁለቱ 8 ግራም፣ 32 ካሎሪ ይሆናሉ። ድምሩ 90 አለፍ ይላል። ችግሩ፣ እኛ ዘንድ ማንኪያው ተቆልሎ ነው የሚመጣው፤ ያኔ አንዱ ብቻ 6 ግራም ሊደርስ ይችላል። በኩሽና ሚዛን አንዴ መዝኖ ማየት ይበጃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚጨመር ስኳር ከ50 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል። ላክቶሱ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በተቆለለ ማንኪያ የጣፈጡ ሦስት ማኪያቶዎች ግን 36 ግራሙን ይወስዳሉ፤ ያውም ኬኩ ሳይታዘዝ።