የአደባባይ ፍሬቻ ለማን ነው የሚበራው?

ከፒያሳ ተነስተው አራት ኪሎ ሲደርሱ ፊት ለፊትዎ ሚያዝያ 27 አደባባይ አለ። መሃሉ ላይ የድል ሐውልቱ ቆሟል፤ ዙሪያውን አራት መንገዶች ይገናኛሉ። እኛ የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ የምንዞረው አደባባዩን በግራ እጃችን አድርገን ነው። ስለዚህ ከፒያሳ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው መውጫ በፓርላማ በኩል ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን ነው። ሁለተኛው ወደ ቀበና፣ ሦስተኛው ወደ ስድስት ኪሎ ይወስዳል። አራተኛው ወደ መጣበት ፒያሳ ይመልሰዋል።

አሁን ስድስት ኪሎ መሄድ ፈልገዋል እንበል። መውጫዎ ሦስተኛው ነው፣ ማለትም በግራዎ ያለው። ጉዳዩ የሚጀምረው አደባባዩ ውስጥ ሳይሆን ገና ሃምሳ ሜትር ያህል ሲቀርዎት ነው። ስፖኪዮዎን አይተው፣ የግራ ፍሬቻ አብርተው የግራውን ረድፍ ይይዛሉ። አስፋልቱ ላይ ቀስት ከተሳለ ቀስቱን ይከተላሉ፤ የትራፊክ ፖሊስ ቆሞ የሚያስተናግድ ከሆነም የእሱ እጅ ከሁሉም ይቀድማል። ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ የሚሄዱት የቀኙን ረድፍ ይዘው፣ የቀኝ ፍሬቻ እንዳበሩ ገብተው እንዳበሩ ይወጡ ነበር። ቀበና ከሆነ ደግሞ ቀጥታ ነውና ሲገቡ ምንም ፍሬቻ አያስፈልግም፤ የተለየ ቀስት ከሌለ የቀኙ ረድፍ ይበቃዎታል።

አደባባዩ አፍ ላይ ሲደርሱ በግራዎ እየዞሩ ለሚመጡት ቅድሚያ ይሰጣሉ። ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በውስጥ ያለው ለገቢው እየቆመ ቢያስገባ ኖሮ ቀለበቱ ይሞላና የሚወጣውም መውጫው ጋ ሳይደርስ ይታገታል። እንግሊዞች ይህን በደንብ ያውቁታል። አደባባዮቻቸው መኪና በበዛ ቁጥር ይቆላለፉ ነበር፤ በውስጥ ላለው ቅድሚያ የሚሰጠውን ደንብ በአገር ደረጃ ያጸኑት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው።

ገብተዋል፤ የግራ ፍሬቻዎ እየበራ የውስጡን ረድፍ ይዘው ይዞራሉ። የካዛንቺሱን መውጫ ያልፋሉ፣ የቀበናውንም ያልፋሉ። ፍሬቻው ወደ ቀኝ የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው፦ ከመውጫዎ በፊት ያለውን መውጫ አልፈው እንደጨረሱ። ብዙ አሽከርካሪ የሚስተው ይህችን ቅጽበት ነው። የግራ ፍሬቻ አብርቶ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ ሲወጣ የቀኙን የሚያበራው ግን ጥቂት ነው። አንዳንዱ የግራውን እንዳበራ ወጥቶ ይሄዳል። የስድስት ኪሎው አፍ ላይ ሆኖ መግቢያ የሚጠብቀው ሰው ታዲያ መኪናው ወደ እሱ የሚመጣ ይመስለውና ይቆማል። መኪናው ይወጣል፣ ክፍተቱ ባዶውን ያልፋል፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ይረዝማል። የመውጫ ፍሬቻ የሚበራው በዋናነት ለዚህ ሰው ነው። «እኔ እወጣለሁ፣ አንተ ግባ» ማለት ነው።

ከመዘግየት የባሰው ግን መቸኮል ነው። ወደ ቀበና የሚሄድ አንድ ሚኒባስ ከፒያሳ ሲገባ የቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ ገባ እንበል። ከፓርላማ በኩል ወጥቶ መስመሩ ላይ የቆመው አሽከርካሪ ያን ፍሬቻ ያያል። በእያንዳንዱ መንገድ አፍ ላይ እየዞረ የሚመጣ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው መውጫውን ነው፤ መግቢያው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው «ይህ ሚኒባስ ከእኔ በፊት ይወጣል» ብሎ ነዳጅ ይሰጣል። ሚኒባሱ ግን አይወጣም፤ ይቀጥላል። ግጭቱ የሚሚኒባሱ ቀኝ ጎን ላይ፣ ተሳፋሪው የሚወርድበት በር አካባቢ ያርፋል። ገቢው ቅድሚያ ባለመስጠቱ ይጠየቃል፤ ያሳሳተው ፍሬቻ ግን የሌላው ነበር። ስለዚህ እርስዎም ቆመው ሲጠብቁ ፍሬቻን ብቻ አይመኑ። የፊት ጎማውን ይመልከቱ፤ ጎማው ወደ መውጫው መዞር ሲጀምር ያኔ እውነት ነው።

አንድ ትንሽ የመኪና ጠባይም እዚህ ላይ ታስቸግራለች። የፍሬቻው እጀታ መሪው ወደ ተቃራኒው ሲመለስ በራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ለተራ መታጠፊያ ይህ ጥሩ ነው። አደባባይ ላይ ግን መሪው ሲገቡ ወደ ቀኝ፣ ሲዞሩ ወደ ግራ፣ ሲወጡ እንደገና ወደ ቀኝ ይሄዳል። የግራው ፍሬቻ ገና ከመግባትዎ ሊጠፋ ይችላል፤ የቀኙም መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ሲያስተካክሉ ይጠፋል። አሽከርካሪው አብርቻለሁ ብሎ ያምናል፣ ውጭ ያለው ግን ምንም አያይም። ጠቅ ጠቅ የሚለውን ድምፅ ያዳምጡ፤ ከቆመ መልሰው ያብሩት።

የመጨረሻው እርምጃ ከውስጡ ረድፍ መውጣት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። የቀበናውን መውጫ ካለፉና የቀኝ ፍሬቻ ካበሩ በኋላ የቀኙን ስፖኪዮ ያያሉ፣ አንገትዎንም ዞር ያደርጋሉ፤ ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ ስላለ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ሙሉ በሙሉ ሊሰወርበት ይችላል። በደንቡ ከሆነ ከፒያሳ አብሮዎት ገብቶ በቀኝዎ ያለው መኪና ቀበና ላይ መውጣት ነበረበት። ሁልጊዜ ግን አይወጣም። ውጨኛውን ረድፍ ይዞ አደባባዩን ሙሉ የሚዞር ሰው በየቀኑ ያጋጥማል፤ ከውስጥ የሚወጣውም ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ይላተማል። በቀኝዎ ሰው ካለ አይሻሙት፤ ያሳልፉት። ሲኖትራክ ወይም ተሳቢ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ከጎኑ አይሁኑ፣ ከኋላው ይቅሩ። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም። ሲዞር ተሳቢው ወደ አደባባዩ ጠርዝ፣ ሲወጣ ወደ ቀኙ ጠርዝ ይጠብባል፤ መሃሉ የገባውን ይጨፈልቃል።

መውጫው አፍ ላይ ዜብራ አለ፤ ከዜብራው አለፍ ሲል «ወራጅ አለ!» ተብሎ ድንገት የሚቆም ታክሲ አለ። የመውጫ ፍሬቻ ለእግረኛውም ንግግር ነው፤ ሳያዩ የሚገቡበት ከሆነ ግን ፍሬቻው ብቻ አያድነውም። ስለዚህ ሲወጡ እግርዎ ፍሬኑ አጠገብ ይሁን።

በለንደን ለሚነዱ ወገኖቻችን ሁሉም ተገልብጦ ይሠራል፦ አደባባዩ በቀኝ ነው፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው፣ የመውጫው ፍሬቻም የግራው ነው። የሚበራበት ቅጽበት ግን ያው ከመውጫዎ በፊት ያለው መውጫ ሲታለፍ ነው።

በቀኝዎ ሰው ስላለ መውጣት ካልቻሉስ? አይጠምዝዙ፣ አይቁሙም። ፍሬቻዎን መልሰው ወደ ግራ ያድርጉና አንዴ ይዙሩ። ከመሃሉ 25 ሜትር ርቀን የምንዞረው አደባባይ ዙሪያው 157 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ሙሉ ዙሩ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።