ጣራው ያፈሳል፤ ደብዳቤው ምን ይበል?

ጣራ ሲያፈስ አብዛኞቻችን መጀመሪያ ባልዲ እንደቅናለን፣ ቀጥሎ ለአከራይ ስልክ እንደውላለን። አከራዩም «እሺ፣ ሰው እልካለሁ» ይላል። ሰው ይመጣል ወይም አይመጣም፤ ቢመጣም ሬንጅ ቀብቶ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ቤቱ እንደገና ያፈሳል። እዚህ ላይ ነው ደብዳቤ የሚያስፈልገው። ደብዳቤ ስንል ብዙ ሰው የሚታየው የብሶት ወረቀት ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ደብዳቤው የሚሠራውን ሌላ ሥራ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 ብታዩ፣ አንዱ ተዋዋይ ሌላውን «ግዴታህን አልፈጸምክም» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። የሚቀጥለው አንቀጽ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ፍላጎትን በግልጽ በሚያሳይ ሌላ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ይነግረናል። ከዚያ አንቀጽ 1774 ይመጣና፣ ማስጠንቀቂያ ሰጪው የመፈጸሚያ ጊዜ ሊወስን እንደሚችል፣ ጊዜው ግን እንደ ነገሩ ሁኔታ ተገቢ መሆን እንዳለበት ይጨምራል። ስለዚህ ያ ወረቀት ሰዓቱን የሚያስጀምር ነገር ነው! ከዚያ በፊት ያደረጋችኋቸው ስልኮች አይጠቅሙም ማለት አይደለም፤ ግን መቼ፣ ምን እንደተባለ ማስረዳት ጣጣ ነው።

አንዲት ተከራይ እናስብ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከላይዋ ቆርቆሮ ብቻ ያለበት ባለሁለት መኝታ ቤት ተከራይታለች። ኪራዩ በወር 18,000 ብር ነው፤ በየወሩ በባንክ ትከፍላለች፤ ውሉ ወረዳ ተመዝግቧል። ሰኔ 14 ትልቁ መኝታ ቤት ኮርኒስ ላይ ቡናማ እድፍ አየችና ደወለች። ሰኔ 20 አንድ ሠራተኛ መጥቶ ሬንጅ ቀባ። ሐምሌ 3 እንደገና አፈሰሰ፤ በዚያው ምሽት ለአከራይዋ በቴሌግራም ፎቶ ላከች። ሐምሌ 12 ኮርኒሱ ረጥቦ ወደ ታች ጎበጠ፤ አልጋው ወደ ሳሎን ወጣ።

ደብዳቤውን ከመጻፏ በፊት አንድ ነገር እንድታደርግ እመክራታለሁ፤ ውሃው እንዴት እንደሚመጣ እንድትመለከት። ይህን ክፍል በጣም ነው የምወደው። ውሃ ከቆርቆሮው ቀዳዳ ወርዶ ወዲያው አይንጠባጠብም፤ ቆርቆሮው የተመታበትን የሞራሌ እንጨት ይዞ ይጓዝና ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ እድፉ ያለበትን ቦታ ከላይ መርጦ ሬንጅ መቀባት ብዙ ጊዜ ባዶ ድካም ነው። ፍንጩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ዝናቡ እንደጀመረ የሚንጠባጠብ ከሆነ የሚስማሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ያለበት ዝናብ ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ ቆርቆሮዎቹ የተደራረቡበት ቦታ ወይም ኮልሞው ተጠርጣሪ ነው። ዶፍ ሲወርድ ብቻ ከሆነ አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተደፍኖ ውሃ ወደ ውስጥ እየገፋ ይሆናል። ዝናብ ሳይኖር በጥቅምት ብርድ ማለዳ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል፤ የቤቱ እርጥበት ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ሆድ ሥር ጤዛ ሆኖ ነው። ያንን ሬንጅ አያድነውም።

የኛ ተከራይ ሁለት ቀን ተከታትላ፣ ነፋስ ካልተቀላቀለ ዝናብ ጋር ምንም እንደማይወርድ አየች። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ደብዳቤው ውስጥ ስትገባ ሁለት ነገር ትሠራለች። ቆርቆሮ ሠራተኛው የት ይጀምር ብሎ አይቸገርም፤ አከራዩም «ምናልባት የላይኛው ታንከር ይሆናል» ለማለት ይቸገራል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የኮንዶሚኒየም ጣራ በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ንብረት ነው፤ የሚያስጠግነውም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ስለዚህ አከራዩ «ጣራው የማኅበሩ ነው፣ እነሱን ጠይቂ» ሊል ይችላል፤ ግማሹም እውነት ነው። ግን ተከራይዋ ከማኅበሩ ጋር ምንም ውል የላትም። ኪራይ የምትከፍለው ለአከራዩ ነው፤ ቤቱን መኖር በሚያስችል ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታም የእሱ ነው። ማኅበሩን መወትወት የአባሉ ድርሻ ነው፤ አባሉ ደግሞ እሱ ነው። ውሉ ላይ «ጥቃቅን ጥገና በተከራይ» የሚል ካለም አያሳስባት፤ የቧንቧ ጎማ መቀየርና ጣራ ማስጠገን አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም።

አሁን የኪራይ ቅናሹ። «ግማሹን ይቀንሱልኝ» ማለት ቀላል ነው፤ «ለምን ግማሹን?» ለሚል ጥያቄ ግን መልስ የለውም። የሚሻለው የጠፋውን አገልግሎት መለካት ነው። ቤቱ 48 ካሬ ሜትር ቢሆንና መኝታ ቤቱ 12 ቢሆን፣ የማይኖርበት ሩቡ ነው። የ18,000 ሩብ 4,500 ብር። የኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሌም 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ እንዴት እንደሚያምር አያችሁ? በቀን 150 ብር ይሆናል፤ የሰኔና የሐምሌ ልዩነት የለም። ሳሎኑ አልጋ ተጨምሮበት ጠቧል ብላ ሌላ ልትጨምር ትችላለች፤ እኔ ግን አልጨምርም፣ ክርክሩ ወደ ሳሎኑ ይዞራልና። መነሻ ቀኑ ደግሞ ሐምሌ 3 ቢሆን ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥገና እንዳልሠራ አከራዩ ያወቀበት ቀን ነው፣ ቴሌግራሙም ይመሰክራል። ከዚያ በፊት ላለው አከራዩ ሰው ልኮ ሞክሯልና አትጠይቅ። የረጠበው ፍራሽ ካሳም ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ከተቀላቀለ ሁለቱንም ያደክማል።

እንግዲህ ደብዳቤው፦

«ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአከራዬ ለአቶ …

ጉዳዩ፦ የሚያፈስ ጣራ እንዲጠገንና እስከዚያው ኪራይ እንዲቀነስ ስለመጠየቅ

በመካከላችን ባለው የኪራይ ውል መሠረት በምኖርበት ቤት የትልቁ መኝታ ቤት ጣራ እያፈሰሰ መሆኑን ሰኔ 14 በስልክ አሳውቄዎት ነበር። ሰኔ 20 ሰው ልከው ስላስጠገኑ አመሰግናለሁ። ሆኖም ሐምሌ 3 እንደገና አፍስሶ በዚያው ቀን ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ሐምሌ 12 ኮርኒሱ ስለጎበጠ ክፍሉን ለቅቀናል። ፍሳሹ የሚመጣው ዝናቡ ነፋስ ሲቀላቅል ነው።

ስለዚህ ቦታው በሁለት ቀን ውስጥ በጊዜያዊነት በሸራ እንዲሸፈን፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ደግሞ ባለሙያ ጣራው ላይ ወጥቶ መርምሮ በዘላቂነት እንዲጠግነው እጠይቃለሁ። ሥራው የማኅበሩን ፈቃድ የሚፈልግ ከሆነ ከእርስዎ ጋር አብሬ ለመሄድ ዝግጁ ነኝ። ክፍሉ ከቤቱ ሩብ ስለሆነ ከሐምሌ 3 ጀምሮ ጥገናው እስከሚያልቅበት ቀን ድረስ በቀን 150 ብር ከኪራዩ እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ። በቅናሹ ከተስማማን በጽሑፍ እንድንፈራረም እጠይቃለሁ፤ እስከዚያው ኪራዩን በሙሉ እየከፈልኩ እቆያለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ደብዳቤውን ሰጥቶ በማግስቱ 13,500 ብቻ ያስገባል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን አድርጓል። ይህ ለተከራይም ጋሻ ነው፤ ግን ሁለት ፊት አለው። ወረዳው መዝገብ ላይ 18,000 ተጽፎ፣ የባንክ ወረቀቱ 13,500 የሚል ከሆነ፣ ፊት ለፊት የሚታየው ኪራይ ያጓደለች ተከራይ ናት። ቅናሹ በፊርማ ሲረጋገጥ ነው ገንዘቡ የሚቀንሰው። ራሷ አስጠግና ከኪራይ ለመቀነስ ብትፈልግም እንዲሁ ነው፤ አከራዩ «አስጠግኚ፣ እስከዚህ ድረስ ከኪራይ ይታሰብልሽ» ብሎ በጽሑፍ ካልፈቀደ በራሷ ገንዘብ ሠራተኛ ብታስገባ፣ ወጪው በእጇ ሊቀር ይችላል። በጋራ ጣራ ላይ ደግሞ ያለማኅበሩ ፈቃድ መውጣት ሌላ ጠብ ይወልዳል።

የ15 ቀኑ ጉዳይ ይገርማችሁ ይሆናል፤ ለሚያፈስ ቤት በዛ ማለት አይቀርም። ነገር ግን ክረምት ነው፤ ቆርቆሮ የሚነቀለው ዝናብ በሌለበት ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው። በሦስት ቀን ጨርስ ብትለው «ተገቢ ጊዜ አይደለም» የሚል ቀዳዳ ለአከራዩ ሰጠችው። ለዚህ ነው ሸራው ለብቻው አጭር ጊዜ የተሰጠው።

አሁን ደብዳቤውን ማድረስ። በኛ አገር ወረቀት መስጠት አንዳንዴ ጠብ እንደማወጅ ይቆጠራል። ስለዚህ ቀድማ ትደውል፦ «ጋሼ፣ ነገ አንድ ወረቀት ይዤ እመጣለሁ፤ ማኅበሩ ጋ ለመሄድም ይጠቅመናል።» ሁለት ኮፒ ይዛ ትሄዳለች፤ አንዱን ትሰጣለች፣ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይሰፍርበታል። አልፈርምም ካለ ፖስታ ቤት ሄዳ በሪኮማንዴ ትልክና ደረሰኙን ትይዛለች። አከራዩ አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆኖ ወንድሙ ኪራይ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ፣ የወንድሙ ውክልና ቤቱን ማስተዳደርን ይጨምር እንደሆነ ታረጋግጥ፤ ኪራይ መቀበል ብቻ ከሆነ ደብዳቤውን ለሁለቱም ትላክ። ፎቶዎቹን ቀናቸውን ጽፋ ከኮፒው ጋር ታያይዛለች።

ጥገናው ሐምሌ 28 አለቀ እንበል። ከሐምሌ 3 እስከ 27 ድረስ 25 ቀን፣ በ150 ሲባዛ 3,750 ብር። ሐምሌን ሙሉውን ከፍላለችና፣ ከነሐሴ ኪራይ ላይ ተቀንሶ 14,250 ታስገባለች። ሁለቱ የፈረሙበት አንድ ገጽ የቅናሹን ልክ፣ የጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ ከየትኛው ወር እንደሚቀነስ ይይዛል፤ ኮፒውም ውሉ የተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ይግባ። ሥራው እስከ ጳጉሜን የሚዘልቅ ከመሰላቸውም አምስቱ ቀን ይታሰባል ወይስ አይታሰብም የሚለውን እዚያው ወረቀት ላይ ቢጽፉት ደስ ይለኛል።