የቤት ሥራ የሚታይበት ሰዓት

ለመጀመሪያ ጊዜ የዲቢቲ ክህሎት ክፍል የገባች ታካሚ ብዙውን ጊዜ ግራ ይገባታል። ሰው ክብ ሠርቶ የደረሰበትን መከራ የሚያወራበት፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው የሚያጽናናበት ቦታ ጠብቃ ነው የመጣችው። ያገኘችው ግን የለየለት መማሪያ ክፍል ነው። ሰሌዳ አለ፤ በየሠልጣኙ ፊት ወፍራም ፋይል ተቀምጧል፤ ሁለት አሠልጣኞችም አሉ። ከሁለቱ አንዷ «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» አትልም። «የቤት ሥራውን ማን ይጀምርልን?» ትላለች።

ዲቢቲ የሚባለው ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ የተባለው የሥነ ልቦና ሕክምና አጭር መጠሪያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተቀረጸው ራሳቸውን ደጋግመው ለሚጎዱና ቦርደርላይን የተባለ የስብዕና መታወክ ላለባቸው ሴቶች ነው። ቦርደርላይን ያለበት ሰው ስሜቱ ቶሎ ይነሳል፤ ሲነሳም ከፍ ብሎ ይነሳል፤ ለመብረድ ደግሞ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። «ጥለውኝ ይሄዳሉ» የሚለው ፍርሃት ዕረፍት ይነሳዋል። ትናንት ከማንም አስበልጦ ያመነውን ሰው ዛሬ ዓይኑን ማየት ይጠላል። ብዙዎቹ የውስጥ ሕመማቸውን ለማስታገስ ሲሉ ሰውነታቸውን ይጎዳሉ፤ ሕይወታቸውን ለማጥፋት የሞከሩም ጥቂት አይደሉም። ዘመድ «ጠባይዋ ነው» ብሎ ይተዋል፤ ባለሙያም ቢሆን «አስቸጋሪ ታካሚ» ብሎ የሚሸሽበት ጊዜ አለ።

የሕክምናው መሥራች ማርሻ ሊንሃን በሲያትል በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ የኖሩ ሳይኮሎጂስት ናቸው። ሥራውን ሲጀምሩ ሁለት ችግር ገጠማቸው። ታካሚዋን «ይህን ለውጪ፣ ያንን ተዪ» ሲሏት ጥፋቱ የእሷ ነው የተባለች መስሏት ትቆጣለች፤ ስሜቷን ብቻ ተቀብለው ሲያዳምጧት ደግሞ «ታዲያ ሕይወቴ እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው?» ትላለች። ስለዚህ መቀበልንና መለወጥን አንድ ላይ ይዞ የሚሄድ ሕክምና ቀረጹ። ሁለተኛው ችግር የጊዜ ነበር። ታካሚዋ በየሳምንቱ አዲስ ቀውስ ይዛ ስለምትመጣ የቀጠሮው ሰዓት እሳት በማጥፋት ያልቃል፤ ክህሎት ለማስተማር ጊዜ አይተርፍም። መፍትሔው ትምህርቱን ከግል ቀጠሮው መለየት ሆነ። ቀውሱ በግል ቀጠሮ ይታያል፤ ክህሎቱ በክፍል ይሰጣል። የሕክምናው የመጀመሪያ ጥናት በ1991፣ የክህሎት ማስተማሪያው መጽሐፍ በ1993 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ታተሙ። ሊንሃን ራሳቸው በ17 ዓመታቸው ራሳቸውን ይጎዱ ስለነበር የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው እንደታከሙ ለሕዝብ የተናገሩት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2011 ነው።

ትምህርቱ አራት ክፍል አለው፤ አሁን ያለውን ልብ ማለት፣ ጭንቅን መቋቋም፣ ስሜትን መግራት፣ ከሰው ጋር መግባባት። አንድ ዙር 24 ሳምንት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም ይደገምና አንድ ዓመት ይሞላል። ክፍሉ በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይካሄዳል። በአጭር የልብ ማለት ልምምድ ይከፈታል፤ ከዚያ እስከ ዕረፍት ድረስ ያለው ጊዜ ባለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ላይ ይውላል። አዲስ ትምህርት የሚሰጠው ከዕረፍት በኋላ ነው። ከትምህርቱ ጊዜ ግማሽ ያህሉ ለቤት ሥራ መሰጠቱ ለአዲስ አሠልጣኝ ብክነት ይመስለዋል፤ እያሳጠረ እያሳጠረ ወደ ትርኢት የመሰለ ገለጻው ይሮጣል። በእኔ እምነት የክፍሉ ሕክምና በአብዛኛው ያለው በዚያ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ለማሳያ ያህል አንዲት የ26 ዓመት ሠልጣኝ እናስብና ሳራ እንበላት። ያለፈው ሳምንት ትምህርት «እውነታውን ማጣራት» የሚባለው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳራ ስልኳን ስትከፍት የልብ ጓደኛዋ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ቡና ላይ የተነሳችውን ፎቶ አየች። እሷ አልተጠራችም። ወዲያው ደወለች፤ አልተነሳም። የቤት ሥራ ወረቀቱ አናት ላይ የስሜቱን ስምና ጉልበቱን ከ0 እስከ 100 መጻፍ ስላለባት «ንዴት፣ 90» ብላ ጻፈች።

ቀጥሎ ያለው መስመር «ስሜቱን የቀሰቀሰው ምንድን ነው?» ይላል። ሳራ «ጓደኛዬ ናቀችኝ፤ ሆን ብላ ለየችኝ» ብላለች። አሠልጣኟ እዚህ ላይ ታስቆማታለች። «በዓይንሽ ያየሽው፣ በጆሮሽ የሰማሽው ምንድን ነው?» ሳራ ትንሽ ታስብና «ፎቶ አየሁ። አራት ሰዎች ናቸው። ደወልኩ፣ አልተነሳም» ትላለች። አሠልጣኟ ይህን ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች። «ናቀችኝ» የሚለው አይሰረዝም፤ ወደ ሦስተኛው መስመር፣ «የሰጠሁት ትርጉም» ወደሚለው ይወርዳል። የክህሎቱ ዋና ሥራ ይኸው መለየት ነው።

ከዚያ ሌሎች ትርጉሞች ይፈለጋሉ። ምናልባት ጠሪዋ ሌላ ሰው ናት። ምናልባት ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አሠልጣኟ ግን አንድ መርሳት የሌለባት ነገር አለ፤ «ምናልባት በእርግጥ ሆን ብላ ለይታሻለች» የሚለውም ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ልምምዱ «አንቺ ነሽ የተሳሳትሽው» የሚያሰኝ ሸንጎ ይሆናል፤ ሳራ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ስሜቷ ልክ እንዳልሆነ ሲነገራት የኖረች ሴት ናት። ቀጥሎ ወረቀቱ የፈራችው ምን እንደሆነ ይጠይቃል። «ጓደኝነታችን አበቃ» ብላ ጽፋለች። ያ የመሆኑ ዕድል ምን ያህል ነው? ቢሆንስ እንዴት ትወጣዋለሽ? በመጨረሻም ስሜቱ ከእውነታው ጋር የሚገጥመው ምን ያህል ነው የሚል ጥያቄ አለ፤ ከ0 እስከ 5። ሳራ 2 ሰጠች፤ ንዴቱም ወደ 55 ወረደ።

55 ብዙ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ባለሙያ ግን ደስ የሚለው እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሲያይ ነው። በየሳምንቱ ከ90 ወደ 0 የሚወርድ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሠልጣኝ ምናልባት በር ላይ ቆሞ ነው የሞላው።

ከዕረፍት በኋላ የሚመጣው ትምህርት «ተቃራኒ ድርጊት» ይባላል። እያንዳንዱ ስሜት የሚገፋፋው ነገር አለ፤ ንዴት አጥቂ ይላል፣ ፍርሃት ሽሺ ይላል፣ እፍረት ተደበቂ ይላል። ስሜቱ ከእውነታው ጋር ካልገጠመ፣ ወይም ገጥሞም ግፊቱን መከተል ነገር የሚያበላሽ ከሆነ፣ የተገፋሽበትን ተቃራኒ ታደርጊያለሽ። ለሳራ ይህ ማለት የስድብ መልእክቱን አለመላክ ብቻ አይደለም። ለጊዜው ከስልኩ ዞር ማለት፣ የተጨበጠውን እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ መዘርጋት፣ ፊትን ማላላት፣ ጓደኛዋ ምን ሆና ሊሆን እንደሚችል ማሰብ፣ ቆይቶም ለስለስ ያለ መልእክት መጻፍ ነው። ጥርስን ነክሶ የተጻፈ ጨዋ መልእክት አይቆጠርም፤ ሰውነቱና ሐሳቡም አብረው ካልዞሩ ንዴቱ እንዳለ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ሳራ አጣርታ በእርግጥ ሆን ተብሎ እንደተገለለች ብትደርስበት ንዴቷ አግባብ ነው፤ የሚያስፈልጋትም ችግሩን መፍታት ነው። ከሰው ጋር መግባባት በሚለው ክፍል የሚሰጠውን የአነጋገር ቅደም ተከተል ተጠቅማ ጓደኛዋን ፊት ለፊት ትጠይቃለች። ስሜቱ 90 ላይ ሳለ ደግሞ ወረቀት መሙላት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ያኔ ጭንቅን ከመቋቋም ክፍል የተማረችውን ታስቀድማለች፤ ትንፋሽን ይዞ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ30 ሴኮንድ ያህል መንከር የልብ ምትን ቀነስ ያደርጋል። የልብ ሕመም ወይም የአመጋገብ መታወክ ያለበት ሰው ግን ይህን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክረውም።

የቤት ሥራውን ያልሠራውስ? አይወቀስም፤ አይታለፍምም። ማለፉ ከመውቀሱ የባሰ ነው፤ ሠልጣኙ «አልሠራሁም» ማለት ከጥያቄ እንደሚያድነው ይማራል። ስለዚህ ጥቂት ጥያቄዎች በተራ ይቀርቡለታል። ምን መሥራት እንዳለብህ ታውቅ ነበር? ለመሥራት ፈቃደኛ ነበርክ? በሳምንቱ ውስጥ ትዝ ብሎህ ያውቃል? ትዝ ካለህ ያኔውኑ እንዳትሠራ ምን ያዘህ? ትዝ አላለኝም ላለ የስልክ ማስታወሻ ይበቃው ይሆናል። «ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ እናቴ ታነብብኛለች» ላለ ግን ማስታወሻ ምንም አይሠራለትም፤ ወረቀቱ ሌላ ቦታ የሚቀመጥበት መንገድ መፈለግ አለበት። ሁለቱንም «ሰነፍ» ብሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ ሁለቱንም አላስተማረም።

ሌላው የተለመደ ስህተት ታሪኩን መከተል ነው። ሳራ ስለ ፎቶው ስትናገር ድንገት ማልቀስ ትጀምራለች፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የተከዳችባቸው ጓደኞች ይመጡባታል። አሠልጣኟ ከእሷ ጋር ወደዚያ ከሄደች የክፍሉ ሰዓት አለቀ። «ይህ ከባድ ነው፤ ለግል ቀጠሮሽ ያዢው። አራተኛው መስመር ላይ ምን ጻፍሽ?» ማለት ጭካኔ ቢመስልም ትክክለኛው መንገድ ነው። ረዳት አሠልጣኟ በዚህ መሃል ዝም ያለውን ትከታተላለች፤ ተነስቶ የወጣውንም ተከትላ ትወጣለች። ራስን ስለመጉዳት በክፍል ውስጥ በዝርዝር አይወራም፤ ወሬው የሌሎቹንም ግፊት ይቀሰቅሳልና። እሱ በየቀኑ በሚሞላ ካርድ ላይ ይመዘገብና ለግል ሕክምና ባለሙያው ይቀርባል።

ክፍሉ ያን ያህል ይጠቅማል ወይ ለሚል፣ ሊንሃንና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያሳተሙት ጥናት አለ። ራሳቸውን ይጎዱ የነበሩ 99 ቦርደርላይን ያለባቸው ሴቶች በሦስት ቡድን ተከፈሉ፤ አንዱ ሙሉውን ሕክምና፣ ሁለተኛው የክህሎት ክፍሉን ከጉዳይ ተከታታይ ባለሙያ ጋር፣ ሦስተኛው ክህሎት የማይሰጥበትን የግል ሕክምና አገኘ። ራስን የማጥፋት ሙከራን በመቀነስ ረገድ ሦስቱም ተቀራራቢ ውጤት አሳዩ፤ ራስን መጉዳትን በመቀነስ ረገድ ግን ክህሎት የተማሩት ሁለቱ ቡድኖች ተሻሉ። ይህ ማለት ክፍሉ ብቻውን ይበቃል ማለት አይደለም። በሦስቱም ቡድን የአደጋውን ደረጃ የሚከታተል የሠለጠነ ባለሙያ ነበረ፤ ወረቀት አባዝቶ የሚያድል ክፍል ይህ ከሌለው ጥናቱን መጥቀስ አይችልም።

ስለዚህ ለራሳችሁም ሆነ ለቤተሰባችሁ «ዲቢቲ እንሰጣለን» የሚል ቦታ ካገኛችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፦ የቤት ሥራ ትሰጣላችሁ? በየሳምንቱ አንድ በአንድ ታዩታላችሁ? ከክፍሉ ውጪ አደጋውን የሚከታተለው ባለሙያ ማነው? ራሷን ለማጥፋት እያሰበች ያለች ሰው ካለች ደግሞ ምዝገባ አትጠብቁ፤ ብቻዋን ሳትተዉ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።