ታክሲ ሲበላሽ ለአለቃ የሚጻፍ አጭር መልእክት

መንገድ ላይ ታክሲ ተበላሽቶበት ከሥራ የሚያረፍድ ሠራተኛ ለአለቃው የሚልከው መልእክት ከሁሉ በፊት የሚመልሰው ጥያቄ «መቼ ትደርሳለህ?» የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው እስከዚያ ድረስ ሥራው በማን እጅ እንደሚቆይ ነው። ምክንያቱ ሦስተኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአምስትና ስድስት ቃል በላይ አያስፈልገውም። ብዙዎች የሚጽፉት ግን ተገላቢጦሹን ነው። መልእክቱ በሰላምታ ይጀምርና ወደ ይቅርታ ያልፋል፤ ከዚያ ከቤት በጊዜ መወጣቱን፣ ሰልፉን፣ የረዳቱን ጠባይ፣ ከመኪናው የወጣውን ጭስ ይተርካል። መጨረሻው ላይ «ትንሽ ላረፍድ እችላለሁ» ይላል። አለቃው ይህን ሁሉ አንብቦ የሚጠብቀው ሰው በ10 ደቂቃ ይምጣ በ1 ሰዓት አያውቅም።

«መንገድ ላይ ነኝ» እና «እየደረስኩ ነው» ከዚህ አይሻሉም። በአዲስ አበባ «እየደረስኩ ነው» የሚለው ሰው ገና ጫማውን እያሰረ ሊሆን እንደሚችል ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ሐረግ ይልቅ የሰዓት ቁጥር መጻፍ ይሻላል። ቁጥሩም «ከ30 ደቂቃ በኋላ» ከሚባል «3፡00 ሰዓት» ቢባል ይመረጣል። አጭር የጽሑፍ መልእክት ኔትወርክ ሲደክም ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል፤ አለቃውም ስብሰባ ላይ ቆይቶ ሊያነበው ይችላል። ያን ጊዜ «30 ደቂቃ» ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ግራ ያጋባል። 3፡00 ግን መቼም ቢነበብ 3፡00 ነው። አለቃው በውጭ አገር ሰዓት የሚቆጥር ሰው ከሆነ፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንደሚያጋጥመው፣ 9፡00 ብሎ መጻፍና ጠዋት መሆኑን መጨመር የስድስት ሰዓት ስሕተት ያስቀራል።

የመድረሻውን ሰዓት ለማወቅ መጀመሪያ ብልሽቱ የቱ ዓይነት እንደሆነ መለየት ይጠቅማል። ጎማ ከተነፈሰና ትርፍ ጎማ ካለ መኪናው በ20 ደቂቃ ገደማ ሊነሳ ይችላል። ሞተሩ ከፈላ ግን መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት። የራዲያተሩን ክዳን በሙቀቱ መክፈት ስለሚያቃጥል ልምድ ያለው ሾፌር ቸኩሎ አይነካውም፤ ውኃ ተጨምሮበት ቢነሳ እንኳ ትንሽ ሄዶ ዳግመኛ ሊፈላ ይችላል። ክላች ከተበላሸ ወይም መኪናው ቁልፍ ሲዞርለት ድምፅ ካልሰጠ ተሳፋሪው ሌላ መኪና መፈለግ አለበት። በዚህ ሰዓት የሾፌሩን «አሁን ይነሳል» አምኖ ለአለቃ ሰዓት መስጠት አደገኛ ነው። ሾፌሩ ተሳፋሪው እንዳይወርድበት፣ ረዳቱም የተቀበለውን ሒሳብ እንዳይመልስ ይፈልጋሉ፤ ግምታቸው ወደዚያው ያዘነብላል። ሌላ ታክሲ እስኪገኝ ያለው ጊዜ፣ የቀረው መንገድ እና ከመውረጃው ወደ ሥራ ቦታው ያለው እርምጃ ተደምሮ፣ በላዩ ላይ ጥቂት ደቂቃ መጨመር አለበት። 3፡00 ብሎ 2፡50 የደረሰ ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ 2፡40 ብሎ 2፡50 የደረሰ ግን በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ አርፍዷል።

አንዲት የሒሳብ መምህርት ከሳሪስ ተነሥታ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ የግል ትምህርት ቤት በሚኒባስ ትሄዳለች እንበል። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 2፡30 ይጀምራል፤ በዚያ ሰዓት 7ኛ ቢ ትገባለች። 1፡55 ላይ ጎተራ ሲደርሱ ሞተሩ ይፈላና ሚኒባሱ ዳር ይዞ ይቆማል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ከመንገድ መሐል ባዶ ወንበር ያለው ታክሲ ማግኘት ከባድ ስለሆነ 25 ደቂቃ ትመድብለታለች። የቀረው መንገድ በዚያ ሰዓት 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ እርምጃው 5 ደቂቃ ነው። ድምሩ 2፡50 ይሆናል፤ 10 ደቂቃ ጨምራ 3፡00 ትላለች። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለሆነ የመጀመሪያው የሚያልቀው 3፡10 ነው። እንግዲህ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማወቅ ያለበት ነገር ግልጽ ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተተኪ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው አይፈልግም። ከዚህ በኋላ የምትጽፈው ይህን ሊመስል ይችላል፦

«እንደምን አደሩ። ታክሲው ጎተራ ላይ ተበላሽቶ ሌላ እየጠበቅሁ ነው። 3፡00 እደርሳለሁ። 1ኛ ክፍለ ጊዜ 7ኛ ቢ አለኝ፤ ሰው ይመደብልኝ። ተማሪዎቹ መልመጃ 4.2ን ይሥሩ። ይቅርታ።»

ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ለትምህርት ቤቱ በጣም የሚጠቅመው የመልመጃው ነው። ተተኪው የሒሳብ መምህር ላይሆን ይችላል፤ የስፖርት መምህሩም ቢሆን ግን ክፍሉን አረጋግቶ መልመጃ 4.2ን ማሠራት አያቅተውም። ይህ ዓረፍተ ነገር ባይኖር ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተተኪውን ካገኘ በኋላ ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ መደወል ነበረበት። በሌላ ሙያም ቦታው ያው ነው። የማለዳ ተረኛ ነርስ ስታረፍድ የሌሊቷ ተረኛ ሳትረከብ መሄድ ስለማትችል፣ በመልእክቱ ላይ ርክክቡ እንዲቆይላት ወይም ሌላ ሰው እንዲረከብላት ትጠይቃለች። ሱቅ የሚከፍት ሠራተኛ ቁልፉ ከእሱ ጋር ከሆነ ተለዋጭ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ያስታውሳል። ይህን ለአለቃው ብቻ ነው የሚልከው፤ ቁልፉ ማን ጋና የት እንዳለ በጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ መጻፍ ተገቢ አይደለም።

ጎተራ የሚለው ቃል አላስፈላጊ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አለቃው መንገዱን ስለሚያውቀው የተሰጠውን ሰዓት በራሱ መመዘን ያስችለዋል፤ ምክንያቱንም ያለ ተረት ተጨባጭ ያደርገዋል። ይቅርታውም አንድ ቃል ነው፤ የመኪናው መበላሸት የተሳፋሪዋ ጥፋት ስላልሆነ ሦስት ጊዜ መደጋገሙ የሚጨምረው ነገር የለም። አክብሮቱን የሚሸከመው «እንደምን አደሩ» ነው። ለአለቃ፣ ዕድሜው ቢያንስም፣ በ«እርስዎ» መጻፍ የተለመደ ነው። በቢሮው ሁሉም «አንተ» እና «አንቺ» የሚባባሉ ከሆነ ደግሞ በድንገት «እርስዎ» ማለት ቅሬታ ወይም ፍርሃት ሊመስል ይችላል፤ የዘወትሩ አጠራር ይቀጥል።

የመልእክቱን ርዝመት የሚወስነው ሌላው ነገር ስልኩ ነው። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት እስከ 160 ሆሄ ይይዛል። አማርኛ ሲገባበት ግን ስልኩ ለእያንዳንዱ ፊደል ሰፋ ያለ ኮድ ስለሚጠቀም አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። ከዚያ ካለፈ እየተከፈለ ይሄዳል፤ ክፍሎቹን ለማገጣጠም የሚያስፈልገው መረጃ ቦታ ስለሚወስድም እያንዳንዱ ክፍል ወደ 67 ይወርዳል። ከላይ ያለው የመምህርቷ መልእክት 113 ስለሆነ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ክፍሎቹን አገጣጥመው እንደ አንድ ያሳያሉ፤ ኔትወርክ ሲያስቸግር ግን አንዱ ክፍል ሊዘገይ ይችላል። ሒሳቡ ያነሰበት ወይም ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ሰው በአንድ መልእክት የሚያልቅ ቢጽፍ ይሻለዋል፦

«ታክሲ ተበላሽቶብኝ 3፡00 እደርሳለሁ። 7ቢ 1ኛ ክ/ጊዜ ሰው ይመደብልኝ። መልመጃ 4.2። ይቅርታ።»

ይህ 62 ነው። ለስም ጥቂት ፊደል ይተርፋል፤ ባትሪዋ አልቆ ከሌላ ተሳፋሪ ስልክ የምትልክ ከሆነ ስሙ የግድ ነው። ቦታ ለመቆጠብ አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ግን ጠበቀ ላላ፣ ጨ ነው ቸ ነው እያሰኘ አንባቢውን ያዘገየዋል፤ ለጓደኛ እንጂ ለአለቃ አይመችም።

መልእክት መላክና መድረሱ አንድ አይደሉም። በቴሌግራም አንድ ምልክት መልእክቱ መላኩን ብቻ ያሳያል፤ ሁለት የሚሆነው ሲነበብ ነው። ዳታ ከሌለ የሰዓት ምስል ይዞ ይቆያል፤ ያን ጊዜ ዳታ የማይፈልገውን አጭር የጽሑፍ መልእክት መጠቀም ያሻል። በመምህርቷ ጉዳይ 2፡00 ላይ የተላከው መልእክት እስከ 2፡10 ምላሽ ካላገኘ ወይም ካልተነበበ መደወል አለባት፤ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስልክ ካላነሣም ወደ ርዕሰ መምህሩ ወይም በቅርብ ወዳለ የሥራ ባልደረባ ትደውላለች። ያልተነበበ መልእክት ተተኪ አያስመድብም። ግምቱ ከተዛባ፣ ለምሳሌ 2፡25 ድረስ ታክሲ ካልተገኘ፣ አዲሱን ሰዓት የያዘ አንድ መልእክት ብቻ ይላካል፤ እሱም 3፡00 ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት። በየአምስት ደቂቃው «አሁን ቄራ ደረስኩ» ማለት አለቃውን ያደክመዋል።

ምክንያቱ በትክክል ብልሽት ካልሆነ ብልሽት ተብሎ አይጻፍ። ሰልፍ ረዝሞ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ የዘገየ ሰው «ታክሲ ተበላሸ» ሲል በዚያው መንገድ የመጣ ባልደረባው በሰዓቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አለቃውም ሁለቱን የሚያያቸው በተለያየ ዓይን ነው፤ ሰልፍ በየቀኑ ያለ ስለሆነ ቀደም ብሎ በመውጣት ሊታለፍ ይችላል፣ የፈላ ሞተር ግን አስቀድሞ አይታወቅም።

መልእክቱ ከዕለቱ ያለፈ ጥቅም አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ለስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። ከዚህ የሚያድነው የማርፈዱ ምክንያት በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በሥራ ውል ተቀባይነት ያለው መሆኑ ነው። ታክሲ መበላሸት በአንድ መሥሪያ ቤት ደንብ ተቀባይነት ሊኖረው፣ በሌላው ላይኖረው ይችላል፤ ስለዚህ ሠራተኛው ደንቡን አስቀድሞ ቢያነበው ይበጀዋል። መልእክቱ ማርፈዱን አያስቀረውም፤ የሚያሳየው ምክንያቱ በዚያው ቀንና ሰዓት መገለጹን ነው። ከወራት በኋላ ቁጥሩ ሲያከራክር እንዲገኝም ከስልኩ ባይጠፋ ጥሩ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የስምንት ጊዜው ቁጥር በቀጥታ አይመለከታቸውም።