መታጠቢያው ላይ ዋጋ አይነገርም

አንገቴ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አርፏል፣ ዓይኔ ጣሪያውን ያያል፣ ፀጉሬ እርጥብ ነው። «እህቴ፣ ፀጉርሽ እኮ በጣም ደርቋል፤ ይኼን ትሪትመንት ካልወሰድሽ ተሰባብሮ ያልቃል» አለችኝ የምታጥበኝ ልጅ። በዚያ ሁኔታ ተነስቶ መሄድ የለም። ይሉኝታም አለ። ገዛሁ። ጠርሙሱ ግማሹ ሳይነካ ቤቴ ተቀምጦ ጊዜው አለፈ፤ እኔም ወደዚያ ፀጉር ቤት ሁለተኛ አልሄድኩም።

የዚህን ታሪክ ሌላኛውን ገጽ የነገረችኝ ገርጂ አካባቢ ፀጉር ቤት ያላት ወዳጄ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ነጋዴ መጥቶ ስድስት ዓይነት የፀጉር ምርት አሳያት። በካርቶን ከወሰደች ቅናሽ እንዳለው ነገራት፤ እሷም ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ካርቶን ወሰደች። በካርቶን 12 ጠርሙስ ስለሆነ በድምሩ 72 ጠርሙስ መጣ። መደርደሪያው ሞላ፣ ቤቱም አማረ። በስምንተኛው ወር ግን ግማሹ ገና እዚያው ነበር፤ የሁለቱ ዓይነቶች መጠቀሚያ ጊዜም ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ያን ጊዜ ሠራተኞቿን ሰብስባ «ለሚገባው ሰው ሁሉ አቅርቡ» አለች። ፎን ለመደረግ ብቻ ለመጣችም፣ ሹሩባ ለመፈታት ለመጣችም ያው ጠርሙስ ይቀርብላት ጀመር። «ሰው ማስጨነቅ አምሮኝ አይደለም» አለችኝ። «መጀመሪያ እኔን ያስጨነቀኝ መደርደሪያው ነው።»

እኔም ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ጉትጎታ የሠራተኛዋ ጠባይ ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ምንጩ ዕቃው የተገዛ ዕለት የተሠራ ስህተት ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው። ወዳጄ አንዱን ጠርሙስ በ600 ብር ገዝታ በ800 ትሸጠው ነበር። ከአንድ ጠርሙስ 200 ብር ታተርፋለች ማለት ነው። ከ12ቱ ዘጠኙ ቢሸጡላት ትርፏ 1,800 ብር ነው። የቀሩት ሦስቱ ጊዜያቸው ቢያልፍ ደግሞ የወጣባቸው 1,800 ብር አብሮ ይጣላል። ዘጠኝ ደንበኛ ገዝቶ ምንም አልተረፈም። ጊዜው ያለፈ አንድ ጠርሙስ የሦስት ጠርሙስ ትርፍ ይበላል፤ ነጋዴው የሰጣት የካርቶን ቅናሽም ይህን አይሸፍንም።

ሁለተኛ ጊዜ ስትጀምር ነጋዴ አላነጋገረችም፤ ደብተር ነው የገዛችው። አንድ ወር ሙሉ እያንዳንዷ ደንበኛ ምን ልትሠራ እንደመጣች፣ ፀጉሯ ላይ ምን ችግር እንዳለ፣ ቤቷ ስትታጠብ በምን እንደምትታጠብ በአጭሩ ጻፈች። ወሩ ሲያልቅ ተደጋግመው የመጡት ችግሮች ሦስት ብቻ ሆነው ተገኙ፦ ሪላክሰር ከተደረገ በኋላ መድረቅ፣ በፒያስትራ ብዛት ጫፉ መሰባበር፣ በሹሩባ ሥር የራስ ቅል ማሳከክ። ከቀድሞዎቹ ስድስት ምርቶች ሦስቱ ለእነዚህ አንዳቸውንም አይረዱም ነበር። አንደኛው ቀለም የተቀባ ብሎንድ ፀጉር ቢጫነት እንዲያጠፋ የተሠራ ወይን ጠጅ ሻምፖ ነበር። ገርጂ ውስጥ በዚያ ወር ብሎንድ ሆና የገባች አንዲት ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ስንት ይገዛ የሚለው ነው። ይህም ከጠርሙሱ ላይ ይሰላል። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኮንዲሽነር በሳምንት አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ብትጠቀሚበት 12 ሳምንት ገደማ ይቆያል። ስለዚህ አንዲት ደንበኛ በሦስት ወር አንድ ጠርሙስ ትጨርሳለች። ያንን ኮንዲሽነር በእርግጥ የሚጠቀሙ አሥር ደንበኞች ካሉ፣ አንድ ካርቶን የሦስት ወር ዕቃ ነው። አራት ብቻ ካሉ ግን ለዘጠኝ ወር ይሆናል፤ ያኔ ቅናሹ ቀርቶ አራት ጠርሙስ በችርቻሮ መውሰድ ይሻላል።

የትኛውን ብራንድ የሚለው ላይ ወዳጄ በመጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ጥራት አይደለም፤ ዕቃው ያለማቋረጥ ይገኛል ወይ ብላ ነው። በሻንጣ ከዱባይ የሚመጣ ምርት ዛሬ አለ፣ የሚቀጥለው ወር የለም። ደንበኛዋ ተስማምቷት ሁለተኛውን ጠርሙስ ስትፈልግ «አልቋል» ከተባለች፣ ወደ ሌላ ሱቅ ትሄዳለች፤ የሚቀጥለውንም ምክር በግማሽ ልብ ነው የምትሰማው። ቀጥላ በአካባቢው ያሉ ሱፐርማርኬቶችን ትዞራለች። ያው ጠርሙስ እዚያ በ700 ብር ከተደረደረ እሷ ጋ 800 ብሎ ማስቀመጥ ደንበኛን ማስቀየም ነው። ሳሎን ሊይዘው የሚገባው ወይ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ፣ ወይም ቢገኝም አጠቃቀሙን የሚያሳይ ሰው የሚፈልግ ምርት ነው።

ከዚያ መለያ ወረቀቱ ይነበባል። የመዋቢያ ምርት ውስጥ ያሉ ነገሮች በብዛታቸው ቅደም ተከተል ይዘረዘራሉ፤ ከመቶ አንድ በታች የሆኑት ብቻ በፈለጉት ተራ ሊጻፉ ይችላሉ። እዚህ ላይ ጥሩ ምልክት የሚሆነን ፊኖክሲኢታኖል የሚባለው ማቆያ ነው፤ በአውሮፓ ሕግ ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ጠርሙሱ ፊት ለፊት «አርጋን» ተብሎ በወርቅ ቀለም ተጽፎ፣ የአርጋን ዘይቱ ስም ግን ከዚህ ማቆያ በኋላ ከመጣ፣ ውስጡ ያለው አርጋን ከጠብታ አይበልጥም። ብዙዎቹ «የአርጋን ዘይት» ተብለው የሚሸጡ ሴረሞች መጀመሪያ ላይ የሚዘረዝሩት ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን መጥፎ አይደለም፤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ ያበራል፣ ማበጠሩንም ያቀላል። ደንበኛዋ ግን የምትከፍለው ለአርጋን መስሏት ከሆነ ተታላለች፤ ያታለላትም በእሷ ዓይን ፋብሪካው ሳይሆን ፀጉር ቤቱ ነው።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃም አለ። ካርቶኑ ላይ ያለው የባች ቁጥር ጠርሙሱ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ፊደሉ የተሳሳተ ወይም የተደበዘዘ ከሆነ፣ ከውስጥ ያለው ማሸጊያ ከሌለ፣ ሽታው ወይም ውፍረቱ ካለፈው ጠርሙስ ከተለየ መመለስ ነው። ለዚህ ሲባል ወዳጄ ከእያንዳንዱ ምርት አንድ ያለቀ ጠርሙስ አትጥልም፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ጎን ለጎን አድርጋ ታያለች። የመጠቀሚያ ጊዜውንም ነጋዴው ፊት ታነባለች። ከፍታ ለምታሳየው ደግሞ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕል ውስጥ ያለውን ቁጥር ትመለከታለች፤ 12 ከሆነ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያለፈ ምርት እንኳ ወዲያው መደርደሪያ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ አንድ ጠርሙስ መታጠቢያው ላይ ይቀመጥና ፀጉራቸው የተለያየ አምስት ደንበኞች ላይ ለአንድ ወር ይሞከራል። የሚታየው የዕለቱ ልስላሴ አይደለም፤ በሳምንቱ ተመልሳ ስትመጣ ማበጠሪያው እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ሲሊኮን የበዛበት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይለሰልሳልና።

አሁን ወደ መታጠቢያው እንመለስ። መሸጫው ቦታ በእርግጥ እዚያ ነው፤ ግን ንግግሩ ሌላ ነው። ወዳጄ ሠራተኞቿን ያስለመደቻቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቤት ስትታጠቢ በምንድነው?» መልሱን ይሰማሉ። ከዚያ የሚቀቡትን ያሳያሉ፤ ለምን እንደሚቀቡም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። «ሪላክሰሩ ፀጉርሽን አድርቆታልና እርጥበት የሚመልስ ነው፤ አሥር ደቂቃ ይቆያል።» ዋጋ እዚያ አይነገርም። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ የተያዘ ሰው እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ በይሉኝታ የተሸጠ ጠርሙስም የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዋጋው መደርደሪያው ላይ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል፤ ካስኩ ሥር ተቀምጣ በራሷ ጊዜ ታነበዋለች። መጠየቅ ሳያስፈልጋት ማየቷ ዋና ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ዋጋ ከጠየቀ በኋላ አለመግዛት ያፍራል።

ቤቷ ሌላ ምርት እንዳላት ከነገረቻቸውና ያም ደህና ከሆነ፣ «የጀመርሽውን ጨርሺ» ይሏታል። ይህን የምትሰማ ደንበኛ መጀመሪያ ትገረማለች። በኋላ ግን «ይኼ ይሻልሻል» ስትባል የምታምናቸው በዚያ ምክንያት ነው።

ለሠራተኞቹ የሚከፈለው ነገርም መታረም ነበረበት። በፊት ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ጉርሻ ነበር፤ ያ ደግሞ ልጆቹ ቶሎ እንዲሸጡ ነው የሚገፋፋቸው። አሁን ጉርሻው የሚሰጠው ደንበኛዋ ሁለተኛውን ጠርሙስ ልትገዛ ስትመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ ሠራተኞቹ ተቆጥተው ነበር፤ ሦስት ወር መጠበቅ አለባቸውና። ደመወዛቸው ላይ ትንሽ ጨምራ ነው ያስማማቻቸው። እኔ በበኩሌ ከሰማኋቸው ዘዴዎች ሁሉ ይኼኛው ይበልጥብኛል፤ ለማይስማማት ሰው መሸጥ ለሻጯም ጥቅም የሌለው ሆኗልና።

መደርደሪያው ላይ የማይወጡም አሉ። ሪላክሰር ለቤት አትሸጥም። በጣም ኃይለኛ አልካሊ ነው፤ የራስ ቅል ያቃጥላል፤ ቀድሞ በተለሰለሰው ፀጉር ላይ ሲደገም ይሰብረዋል። መቀባት ያለበት ከሥር አዲስ የበቀለውን ብቻ ነው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ ደግሞ ከስምንት ሳምንት በፊት የሚያዝ አዲስ ፀጉር እምብዛም አይኖርም። ቤቷ ብቻዋን የምትቀባ ሰው ከኋላ ያለውን መለየት አትችልም። ፀጉር ያበቅላል የሚል ዘይትም አትይዝም። ግንባሯ ዳር የሳሳባትን ሹሩባው ላላ ተደርጎ እንዲሠራ ትመክራታለች። በአንድ ቦታ ክብ ሆኖ የረገፈ ወይም ቆዳው አንጸባርቆ ለስላሳ የሆነ ካየች ግን ምንም ሳትሸጥላት ወደ ቆዳ ሐኪም፣ አቅም ላነሳት ወደ አለርት ትልካታለች። እንዲህ ዓይነቱ መርገፍ አንዳንዱ ጠባሳ ጥሎ የፀጉሩን ሥር ያጠፋል፤ ዘይት እየተቀቡ የሚያልፉት ወራት አይመለሱም።

ባለፈው ስሄድ መደርደሪያው ላይ አምስት ዓይነት ምርት ነበር፤ ጠርሙሶቹን ብቆጥራቸው 23 ሆኑ። ግማሹ መደርደሪያ ባዶ ነው፤ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። ያ ነጋዴ አሁንም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል አለችኝ፤ ባዶውን ቦታ እያየ «ምነው፣ ሥራ ቀዘቀዘ እንዴ?» ይላታል።