ሰ ሸ ስትሆን

የአማርኛ ፊደል በአንዲት ጭረት ይለወጣል። «ሰ» አናቷ ላይ ሰረዝ ሲጨመር «ሸ»፣ «በ» ከወገቧ ጭረት ስታወጣ «ቡ» ትሆናለች። ስካን የተደረገ ገጽ ሲደበዝዝ ቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ጭረት ነው።

ወረቀቱ ቢጫ የሆነ፣ በጥራዙ በኩል ጥላ ያረፈበት የድሮ መጽሐፍ ገጽ እንውሰድ። ባለ 12 ነጥብ ፊደል በ100 ዲፒአይ ሲነሳ የሚያገኘው ቁመት 17 ፒክስል ገደማ ብቻ ነው፤ በ300 ዲፒአይ ግን 50 ይሆናል። ያልተቀረጸን ጭረት በኋላ ምስሉን ማተለቅ አይመልሰውም። ስለዚህ ገጹን በ300 ዲፒአይ፣ በጥቁርና ነጭ ሳይሆን በግራጫ እናነሳለን፤ የተጣመሙ መስመሮችንም እናቀናለን።

ከባዱ ሥራ ፊደሉን ከወረቀቱ መለየት ነው። ለገጹ ሁሉ አንድ የጥቁረት ወሰን ብናበጅ ጥላው ጠቁሮ ፊደላቱን ይውጣል። ወሰኑን ጥላው እስኪነጣ ብንቀይረው ደግሞ በሌላው ቦታ ቀጫጭን ጭረቶች ይሳሳሉ። መፍትሔው እያንዳንዱን ፒክስል ከአካባቢው ጋር ማነጻጸር ነው፤ የሳውቮላ ዘዴ የሚሠራው እንዲህ ነው።

ነጠብጣብ ማጽዳት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከበዛ የአራት ነጥብን ነጥቦች ጭምር ይጠርጋል። በመጨረሻ ጽሑፉን በቴሰራክት እናስነብባለን፦

```
tesseract page.png out -l amh
```

ውጤቱን ከዋናው ጋር አሥር መስመር ያህል እናስተያይ። «ሸ» በ«ሰ» እየተተካ ከሆነ ጭረቱ ሳስቷል፤ ስህተቱ በጥራዙ በኩል ከበዛ ጥላው ገና አልጠራም።